የፊርማ ክፍያና የተመላሽ አንቀጽ፦ ጎንደር ላይ ውሉን እንዴት እንዳዘጋጀሁት

ውሉን ያዘጋጀሁት ጎንደር ውስጥ ላለ አንድ የግል ሕክምና ማዕከል ነው። ማዕከሉ ከአዲስ አበባ የራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት ከደመወዙ ሌላ የፊርማ ክፍያ ሰጥቶ ሊቀጥር ፈለገ። ሐኪሙ ማራኪ ወይም አዘዞ ቤት መከራየት፣ ዕቃ ማጓጓዝና ልጆቹን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ስላለበት ገንዘቡ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ማዕከሉ ደግሞ ገንዘቡን ወስዶ በስድስተኛው ወር ቢለቅስ ብሎ ይሰጋል። ሐኪሙ ቀድሞ ከለቀቀ ገንዘቡን የሚያስመልሰው የተመላሽ አንቀጽ ሁለቱንም ወገን ማሳረፍ አለበት። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ።

የወር ደመወዙ 60,000 ብር፣ የፊርማ ክፍያው 180,000 ብር፣ የአገልግሎት ግዴታው 24 ወር ነው። ደመወዙ ብቻውን ከ35 በመቶው የግብር እርከን መነሻ በላይ ስለሆነ ክፍያው ሙሉ በሙሉ በ35 በመቶ ይቀረጣል። ስለዚህ 63,000 ብር ለገቢዎች ይገባል፣ ሐኪሙ እጅ የሚደርሰው 117,000 ብር ነው። ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ከዚህ ገንዘብ አይቆረጥም።

ውሉ ላይ በጥንቃቄ መጻፍ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ተመላሹ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚሰላ ነው። ብዙ ውሎች «የተከፈለውን የፊርማ ክፍያ ይመልሳል» ብለው ያልፋሉ። ሠራተኛው 117,000 እንደሆነ ይረዳል፣ ሒሳብ ክፍሉ 180,000 መዝግቧል፣ ጠቡም እዚያ ላይ ይጀምራል። እኔ የምጽፈው እጁ የደረሰውን የተጣራ ገንዘብ ነው። ሰው ኪሱ ያልገባውን ግብር እንዲመልስ ማስገደድ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ማዕከሉም የግብሩን ድርሻ እንደ ቅጥር ወጪ አስቀድሞ በጀቱ ውስጥ ቢይዘው ይሻላል።

ቀጥሎ የአቀናነሱ ጉዳይ አለ። 24 ወር እስኪሞላ ሙሉውን የሚያስመልስ ውል በ23ኛው ወር የሚለቅን ሰው አንድ ወር ብቻ ሠርቶ ከሄደው ጋር እኩል ያደርገዋል። ሠራተኛው ይህን ሲያይ ወይ አይፈርምም፣ ወይ ፈርሞ ልቡ ከሸፈተ በኋላ ቀን እየቆጠረ ይቀመጣል። በየወሩ የሚቀንስ ዕዳ ግን ለሁለቱም ግልጽ ነው። 117,000 ለ24 ሲካፈል በወር 4,875 ብር ይሆናል። አንቀጹን እንዲህ ጻፍኩት፦

«ሠራተኛው በእጁ የደረሰው የተጣራ የፊርማ ክፍያ 117,000 ብር በእያንዳንዱ የተጠናቀቀ የአገልግሎት ወር 4,875 ብር እየቀነሰ ይሄዳል። 24 ወር ሳይሞላ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ቢለቅ፣ ወይም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ቢሰናበት፣ ቀሪውን ብቻ ይመልሳል።»

እዚህ ላይ «በገዛ ፈቃዱ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። አሠሪው ደመወዝ ባለመክፈሉ ወይም በሌላ በቂ ምክንያት በአዋጁ አንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ የለቀቀ ሠራተኛ እንደማይመልስ ለብቻ መጻፍ አለበት። በቅነሳ የተሰናበተ፣ በሕመም መሥራት ያቃተው፣ የሞተም እንዲሁ። ሥራው በጸጥታ ችግር የተቋረጠበት ጊዜና የወሊድ ፈቃድ እንደ አገልግሎት እንደሚቆጠሩም አሰፈርኩ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች እናት ወራቷ ቢቆምባት ዕዳዋ ሳይቀንስ ይቆያል፤ ይህን ዝም ብሎ የሚያልፍ ውል አልቀበልም።

አንቀጹ ሠራተኛው እንዳይለቅ የሚከለክልም ሊሆን አይችልም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት አለው። አንዳንድ አሠሪዎች ገንዘቡ እስኪመለስ የሥራ ልምድ ወረቀት ይይዛሉ፤ ግን ወረቀቱን መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ማስያዣ ሊሆን አይችልም። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ስለሚደርስና በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ስለሚቻል፣ ክፍያውን ሁለት ቦታ ከፈልኩት፦ 60,000 ብር ሲመጣ ለቤትና ለጓዝ፣ 120,000 ብር ሙከራውን ሲጨርስ።

አሁን ሐኪሙ ልክ 15 ወር ሠርቶ በማስጠንቀቂያ ለቀቀ እንበል። የቀሩት 9 ወራት ናቸው፤ 9 ጊዜ 4,875 ማለት 43,875 ብር ነው። ስሌቱ በ180,000 ቢሆን ኖሮ 67,500 ይደርስ ነበር፤ የ23,625 ብሩ ልዩነት የግብሩ ድርሻ ነው።

አሰባሰቡ ላይ ሒሳብ ክፍሎች ብዙ ይቸኩላሉ። የመጨረሻውን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይዘው ዕዳውን ያወራርዳሉ። የአዋጁ አንቀጽ 59 ግን ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ የመቁረጥ ፈቃዱን በቅጥሩ ቀን በተለየ ወረቀት አስፈርማለሁ፤ ሰው ሊለቅ ሲል ፊርማ መለመን አይሳካም። ከ60,000 ሲሶው 20,000 ነው። ቀሪው 23,875 ብር በአምስት ወር፣ በወር 4,775 ብር እንዲከፈል የዕዳ ማመኛ ይፈረማል። አምስት ወር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ሰውየው መክፈል ሲያቆም ለመክሰስ ጊዜ መቅረት አለበት።

ማዕከሉ ዋስም ፈልጎ ነበር። ዋስ ማስጠራት ከተፈለገ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ መጠን ያልተጻፈበትን የዋስትና ውል ዋጋ አያሰጠውም። «ለሚደርሰው ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚለው የተለመደ ቅጽ እዚህ ላይ ይወድቃል። 117,000 ብር ብዬ ጻፍኩና ከዋናው ዕዳ ጋር በየወሩ እንደሚቀንስ አከልኩበት።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነባሮቹ ሠራተኞች ጥያቄ ማንሳታቸው አይቀርም። አዲሱ ሲመጣ 180,000 ከተከፈለው፣ አምስት ዓመት ማሽኑን ያንቀሳቀሰችው የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስትስ? ለእርሷ የማቆያ ቦነስ ተዘጋጀ፤ እዚህ ላይ ግን አስቀድሞ መክፈል አያስፈልግም፣ ቤት አልቀየረችም። 12ኛው ወር ሲሞላ 30,000፣ 24ኛው ሲሞላ 60,000 ብር ይከፈላታል። ገንዘቡ ከአገልግሎቱ በኋላ ስለሚመጣ የሚመለስ የለም፣ ዋስ የለም፣ የዕዳ ማመኛም የለም። በእኔ አስተያየት የመዛወሪያ ወጪ በሌለበት ሁሉ ከፊርማ ክፍያ ይልቅ ይህ ይመረጣል።

ድክመቱ በሌላ በኩል ነው። አሠሪው በ11ኛው ወር ቢቀንሳት ቦነሱ ይቀርባታል፤ አሠሪውም ይህን እያሰበ ሊቀንሳት ይችላል። ስለዚህ ያለ ጥፋቷ ከተሰናበተች የሠራችበት ወር ድርሻ እንደሚከፈላት ጻፍኩ፦ በ11ኛው ወር ቢሆን የ30,000 አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 27,500 ብር። የክፍያውንም ቀን «ወሩ በሞላ በቀጣዩ የደመወዝ ቀን» ብዬ አሰርኩት፤ «የማዕከሉ አቅም ሲፈቅድ» የሚለውን ከረቂቁ አወጣሁት።