ሁለት የተኙ ፒኖችና አንድ ያልተቆለፈ እግር

ግንቦት ሲገባ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ኅትመት ቤት ሁሉ ይጨናነቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙ ተማሪዎች ከጠዋት ጀምረው ይሰለፋሉ። የእኛዋ ዋና ኮምፒውተር ደግሞ ፎቶ የበዛበት ፋይል ስትከፍት ሻይ አዝዘህ ጠጥተህ ትጨርሳለህ። ውስጧ የነበረው ፕሮሰሰር ኮር አይ3 6100 ነው። ቦርዷ ኤች110፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ኤልጂኤ 1151 ስለሆነ ኮር አይ7 6700 ይቀበላል። ሁለቱም የስድስተኛው ትውልድ ናቸውና ባዮስ የሚባለውን የቦርዱን ማስነሻ ፕሮግራም ማደስ አያስፈልግም፤ ሰባተኛውን ትውልድ ብገዛ ኖሮ መጀመሪያ ባዮሱን ማጣራት ነበረብኝ። ያገለገለ አይ7 ገዛሁና እሁድ ከሰዓት ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ሥራ ጀመርኩ።

ማቀዝቀዣውን ስነቅል አሮጌው የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ግማሹ ደርቆ ግማሹ እንደ ቅባት ሆኖ ጣቴ ላይ ተለቀለቀ። በጨርቅ ጠረግሁትና በቂ መሰለኝ። አይ7ቱን ጠርዝና ጠርዙን በሁለት ጣት ይዤ ወደ ሶኬቱ ሳወርድ አንዱ ጥግ አመለጠኝ። የወደቀው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም። መልሼ አነሳሁት፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አገጣጠምኩ፣ ክዳኑን መልሼ ዘንጉን ተጭኜ ቆለፍኩ። ዘንጉ ሲቆለፍ ጠንከር ይላል፣ ትንሽም ይንቋቋል። ይሄ ደህና ሶኬት ላይም ያለ ነገር ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ከሥር የተጣመመ ፒን ቢኖር እጅህ አይነግርህም።

ማቀዝቀዣውን መልሼ አሰርኩ፣ ማብሪያውን ነካሁ። ፋኑ ዞረ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ዞሮ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነሳና እንደገና ዞረ፣ እንደገና ቆመ። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ለፕሮሰሰሩ ለብቻው ኃይል የምታመጣዋን ባለ አራት ቀዳዳ ገመድ አየሁ፤ ተሰክታለች። እሷ ስትረሳም ፋን እየዞረ ስክሪን ይጨልማልና መጀመሪያ የሚታየው እሷ ናት። ራሞቹን አውጥቼ መለስኩ፤ ያው ነው።

ቀጥሎ ያደረግሁትን አታድርጉ። አይ7ቱን አውጥቼ፣ ሶኬቱን ሳላይ፣ አሮጌውን አይ3 ሰካሁና ዘንጉን ዳግመኛ ተጫንኩ። እሱም ያንኑ አደረገ፤ ዞረ፣ ቆመ፣ ዞረ። በዚህ ጊዜ ራሴ ትኩስ ነበርና ስልክ አንስቼ ሻጩን «የሞተ ነው የሸጥክልኝ!» አልኩት።

ሰውየው አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ አሮጌውን መልሰህ ሞክረሃል?» አለኝ።

«ሞክሬያለሁ፣ እሱም እምቢ አለ።»

«ታዲያ አይ3ቱንም እኔ ነኝ የሸጥኩልህ?»

ዝም አልኩ። ትናንት ሲሠራ የዋለ ፕሮሰሰር ተመልሶ ገብቶ ካልሠራ ችግሩ አዲሱ ዕቃ ሳይሆን በመሀል የነካሁት ነገር ነው። ሻጩ ቀጠለ፦ «ሌላ ምንም እንዳትሰካ። ሶኬቱን በባትሪ እየው። በጎን አብራበት እንጂ ከላይ አይደለም።» ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ።

ከማየቴ በፊት ግን አንድ ሙከራ ጨመርኩ። ከአሮጌ ኬዝ ላይ የነቀልኳት ጣት የማትሞላ ስፒከር አለችኝ፤ ቦርዱ ላይ ሰካኋትና ራሞቹን ሁሉ አውጥቼ አበራሁ። ፕሮሰሰሩ በሕይወት ካለ ባዮሱ ራም ሲያጣ በስፒከሯ ይጮኻል። ጩኸት ከተሰማ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ እያነበበ ነው ማለት ነውና ፊትህን ወደ ራም ታዞራለህ። የእኔዋ ጸጥ አለች። ፕሮሰሰሩ አንድ መስመር እንኳ አላነበበም።

የዚህ ሶኬት ፒኖች ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፣ 1151 ናቸው፤ ፕሮሰሰሩ ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ የወርቅ ነጠብጣብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፒን ዘንበል ያለች ስስ ምላስ ናት፣ ፕሮሰሰሩ ሲጫናት እንደ ስፕሪንግ ወረድ ትላለች። የስልኬን መብራት ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳበራ ጫፎቻቸው በአንድ ላይ ብልጭ አሉ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር። ስልኩን ቀስ እያልኩ በአራቱም ጎን አዞርኩት። ከአንዱ ጥግ አጠገብ ብልጭታው የሚቋረጥበት ቦታ አለ። በዓይኔ ግን ምን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ፒያሳ የወርቅ ሠሪዎች ሰፈር መሆኑ የጠቀመኝ ያኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ቦርዱን ከኬዙ አውጥቼ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩና በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ ፒያሳ አቀናሁ። የእህቴን የቀለበት ወርቅ የሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን አጉሊ መነጽር ለአንድ ሰዓት እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ምን ልታይባት ነው?»

«ጋሼ፣ የተጣመመ ፒን አለብኝ።»

«እዚሁ ተቀመጥና እይ፣ መብራቱም እዚህ ነው» ብለው መሥሪያ ጠረጴዛቸውን ግማሹን ለቀቁልኝ።

በመነጽሩ ሲታይ ሌላ ዓለም ነው። ሁለት ፒኖች ታመዋል። አንደኛዋ ወደ ታች ተደፍጥጣለች፣ ፕሮሰሰሩ ጋ አትደርስም። ሁለተኛዋ በጎን ወድቃ ጎረቤቷ ላይ ተኝታለች፤ ይህችኛዋ ናት የምታስፈራው። ያልደረሰች ፒን ዝም ብላ ግንኙነት ታቋርጣለች። ጎረቤቷን የነካች ግን ኃይል የምታመጣ ሆና ምልክት የምታስተላልፈውን ከነካች ፕሮሰሰሩንም ቦርዱንም ልታቃጥል ትችላለች። እኔ በዚያ ሁኔታ ስንት ጊዜ አብርቻለሁ? ደግነቱ ቦርዱ ራሱን እየጠበቀ ያጠፋ ነበር።

ጋሼ ወረንጦ ሊሰጡኝ ፈለጉ፤ ወረንጦ ሁለቱንም ጎን ስለሚይዝ ሌላ ፒን መንካቱ አይቀርም። የመረጥኩት ቀጭን የልብስ መርፌ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ በዚያው ረድፍ ያለችውን ጤነኛ ጎረቤት እያየህ የታመመችውን እሷን እንድትመስል ማድረግ። ቀጥ ለማድረግ መሞከር ስህተት ነው፤ ጤነኞቹም ቀጥ ያሉ አይደሉምና። መርፌዋን ከተኛችው ሥር አስገብቼ ፀጉር የምታህል አነሳሁ፣ ተውኩ፣ አየሁ፣ ደግሞ አነሳሁ። አሳልፈህ አንስተህ ከመለስካት ትደክማለች፤ ሁለት ሦስቴ ወዲያ ወዲህ ከሄደች ትሰበራለች፣ ከተሰበረች ደግሞ በእኔ መሣሪያ የሚጠገን ነገር አይደለም። ሁለቱን ለማቅናት አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ሶኬቱን በጥጥ ለመጥረግ እጄ ሊሄድ ሲል ተውኩት፤ የጥጥ ክር ፒን ላይ ከተጠመጠመ ሲሳብ ይዟት ይነሳል። የፕሮሰሰሩን ሥር ግን ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ጠርጌ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ የጣቴ ፔስት እዚያም ደርሶ ነበር።

ሱቅ ተመልሼ በዚህኛው ዙር እጄን ታጠብኩ። አይ7ቱን ከሶኬቱ አናት ላይ አግድም አድርጌ አወረድኩና ለቀቅሁት፤ በራሱ ክብደት ተቀመጠ። ከላይ አልገፋሁትም። ቆለፍኩ፣ ማቀዝቀዣውን መልሼ አሰርኩ፣ አንድ ራም ብቻ ሰክቼ አበራሁ። ስፒከሯ አጭር አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ።

ሁለተኛውን ራም ስጨምር ግን ባዮሱ ከ16 ጊጋባይት 8ቱን ብቻ አሳየኝ። ራሞቹን ቦታ አቀያየርኩ፤ ሁለቱም በመጀመሪያው ቀዳዳ ይሠራሉ፣ በሁለተኛው አንዳቸውም አይታዩም። ራምን የሚያነጋግረው ክፍል ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንድ የራም ቀዳዳ ሲጠፋ ከራሙ ይልቅ ከፕሮሰሰሩ ሥር ያለ ግንኙነት ይጠረጠራል። ፒኗን በደንብ አላነሳኋትም ብዬ ልቤ ወረደ። ወደ መርፌው ከመመለሴ በፊት ግን ባዮሱ ውስጥ ያለውን የሙቀት ገጽ ከፈትኩ። `CPU Temperature` ዓይኔ እያየ 58፣ 66፣ 75፣ 83 እያለ ይወጣል። ምንም ሥራ በሌለበት! ይህ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ራሱን ያዳክማል፣ ካልበረደም ያጠፋል። ኮምፒውተሩን ራሴ ቀድሜ አጠፋሁት።

ሁለቱ ምልክቶች አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን ካልተጫነ ያ ወገን ሙቀት አያስተላልፍም፣ ጫናውም ስለሚዛባ ፕሮሰሰሩ ከፒኖቹ ጋር እኩል አይነካካም። ቦርዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። የኢንቴሉ ማቀዝቀዣ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት። እግሩ በትክክል ሲገባ በቦርዱ ጀርባ ነጩ ፕላስቲክ በሁለት ተከፍሎ በመሀሉ ጥቁሩ ዘንግ ብቅ ይላል። በሦስቱ ብቅ ብሏል። በአራተኛው ነጩ ገብቷል፣ ጥቁሩ ግን የለም።

ምክንያቱ የእኔው እጅ ነው። ማቀዝቀዣውን ስነቅል የእግሮቹን አናት በተቀረጸው ቀስት አቅጣጫ አዙሬ ነበር፤ ቀስቱ የሚያሳየው መፍቻውን ነው። ከመትከል በፊት አናቶቹ በተቃራኒው እስከ መጨረሻው መመለስ አለባቸው፤ እኔ ሦስቱን መልሼ አንዱን ረሳሁ። ያልተመለሰ እግር ስትጫነው ይወርዳል፣ ስትለቀው ተመልሶ ይነሳል። እሁድ ዕለት ቦርዱ ኬዝ ውስጥ እያለ ስለተጫንኩ ጀርባውን የማይበት መንገድም አልነበረም፤ ሰኞ ደግሞ ገልብጬ አላየሁም።

ሁሉንም ፈታሁ። ፔስቱን ጠርጌ ከአተር ፍሬ ያነሰች አዲስ ጠብታ መሀል ላይ አደረግሁ፤ አንዴ ተጣብቆ የተነሳ ፔስት አየር ስለሚይዝ ድጋሚ አይጫንበትም። አራቱንም አናት መለስኩ፣ ከዚያ በማዕዘን ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ባንድ ላይ ተጫንኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጥሎ ሌሎቹን ሁለት። ቀጭ፣ ቀጭ። ገልብጬ አራት ጥቁር ጫፍ ቆጠርኩና ቦርዱን ኬዙ ውስጥ ሳልመልስ ጠረጴዛ ላይ አበራሁ። ሙቀቱ 40 አካባቢ ሄዶ ቆመ። ራሙ 16 ሆነ።

ማክሰኞ ጋሼን ላመሰግን በዚያው ስሄድ አሮጌውን አይ3 ይዤላቸው ነበር። በመነጽራቸው ገልብጠው አዩትና «ይህን ሁሉ ነጠብጣብ ማን አስቀመጠው?» አሉኝ። ማሽን ነው አልኳቸው። «እጅ አይደለማ» አሉና መለሱልኝ።