«አንድ እንጀራ ስንት ብር ያስወጣዎታል?» የአንዲት የስልጠና ጥሪ አጻጻፍ

እንድጽፈው የተሰጠኝ ጥሪ እንጀራ ጋግረው ለሆቴልና ለሱቅ ለሚያቀርቡ ሴቶች የተዘጋጀ የሦስት ሰዓት ስልጠና ነበር። አብሮት የመጣው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «የአነስተኛ ንግድ ክህሎት ማሳደጊያ አውደ ጥናት። የሚዳሰሱ ርዕሶች፦ የሂሳብ አያያዝ፣ የዋጋ አተማመን፣ የደንበኛ አያያዝ፣ የቁጠባ ባህልና የሥራ ፈጠራ። ሁላችሁም ተጋብዛችኋል።» እዚህ ውስጥ ስህተት የሚባል ነገር የለም። ችግሩ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ስትጋግር የዋለች ሴት ይህን አንብባ ቅዳሜ ከሰዓቷን የምትሰጥበት ምክንያት አታገኝም። አምስት ርዕስ ተዘርዝሯል፤ ወደ ቤቷ ይዛው የምትገባው ግን አንዱም አልተጻፈም።

ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት ወደ አሰልጣኟ ሄድኩ። የጠየቅኳት «ምን ታስተምሪያለሽ?» ብዬ አይደለም፤ እንደዚያ ሲጠየቅ አሰልጣኝ ሁሉ ርዕስ ነው የሚዘረዝረው። ጥያቄዬ «ሴትዮዋ 11 ሰዓት ላይ ከበሩ ስትወጣ ወረቀቷ ላይ ምን ተጽፏል?» የሚል ነበር። መጀመሪያ «ስለ ወጪና ገቢ ግንዛቤ ታገኛለች» አለች። ግንዛቤ ወረቀት ላይ አይጻፍም። ትንሽ ስንነጋገር «የአንድ እንጀራ ወጪዋን ታውቃለች» የሚለው ወጣ። ይሄ ቁጥር ነው፤ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ የጎረቤቷ ሳይሆን የራሷ ነው።

ያንን በጥሪው ቃል ከመግባታችን በፊት ግን በሦስት ሰዓት ይደረስበት እንደሆነ መፈተሽ ነበረበት። አንዱን ጋጋሪ አስቀምጠን ስሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራነው፦ ጤፍ፣ ወፍጮ፣ መብራት፣ ውኃ፣ የባጃጅ ማድረሻ፣ የረዳት ቀን ክፍያ፣ የራሷም ጉልበት። ጊዜ የሚበላው መደመሩ ሳይሆን ማካፈሉ ላይ የሚነሳው ክርክር ነው። አብዛኛው ሰው ወጪውን በተጋገረው ያካፍላል። የሚገባው ግን በተሸጠው ነው፤ የተቀደደውና የተመለሰውም ጤፍና መብራት በልቷል። ለምሳሌ የአንድ ቀን ወጪ 3,800 ብር ሆኖ 200 እንጀራ ተጋግሮ 10ሩ ሳይሸጥ ቢቀር፣ በ200 ሲካፈል 19 ብር፣ በ190 ሲካፈል 20 ብር ይመጣል። ያቺ አንድ ብር በየቀኑ ከእያንዳንዱ የተሸጠ እንጀራ ላይ የምትጠፋ ናት። ይህ ክፍል ብቻውን አንድ ሰዓት ያህል እንደሚፈልግ ስለታየ የደንበኛ አያያዝና ቁጠባ ከፕሮግራሙ ወጡ። አዘጋጆቹ «ስልጠናው ቀጠነ» ብለው ነበር። እኔ እንደማየው አምስት ርዕስ መያዝ የሚጠቅመው ሪፖርት የሚጽፈውን ሰው ነው።

ሌላ የተነሳ ሐሳብ «ትርፍዎን በእጥፍ ያሳድጉ» እንበል የሚል ነበር። አልተቀበልነውም። ዋጋውን የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው ሆቴሉ ነው፤ በስልጠናው ክፍል ውስጥ የለም። በጥሪ ላይ ቃል የሚገባው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ቀን ሊፈጸም የሚችለውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጀመሪያው መስመር። የመጀመሪያው ሙከራ «በዚህ ስልጠና ላይ የሚሳተፉ እንጀራ አቅራቢዎች የአንድ እንጀራ ትክክለኛ ወጪያቸውን አስልተው ይወጣሉ» ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቁም ነገሩም አብሮት ወደ ኋላ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ መልእክት ሲገባ የስልኩ ማሳወቂያ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ነው፤ ይህ ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ «በዚህ ስልጠና ላይ የሚሳተፉ እንጀራ…» ብሎ ይቆረጣል። ጥያቄ ማድረግ መፍትሔ ሆነ፦ «አንድ እንጀራ ስንት ብር ያስወጣዎታል?» እንጀራና ብር ከፊት መጡ፣ ዓረፍተ ነገሩም አጠረ። ጥያቄ የሚሠራው ግን አንባቢው መልሱን በልቡ ሊሞክረውና ሊጠራጠር የሚችል ሲሆን ነው። «ንግድዎን ማሳደግ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጨምርም፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል።

ከጋጋሪዎቹ ብዙዎቹ ተራ ስልክ ስለሚይዙ አጭር መልእክትም መላክ ነበረበት። እዚህ ላይ ልክ አለ። በላቲን ፊደል አንድ የስልክ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ወደ 70 ይወርዳል፣ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ጭምር ተቆጥሮ። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሂሳቡም የሁለት ይሆናል። የመጨረሻው ይህ ነበር፦

«አንድ እንጀራ ስንት ብር ያስወጣዎታል? ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አብረን እናስላ። ለመመዝገብ እንጀራ ብለው ይላኩ»

69 ፊደል ነው። ቦታው የለበትም፤ ሆን ተብሎ ነው የቀረው። ቦታውን «እንጀራ» ብላ የመለሰች ሴት ሲደወልላት ትሰማለች። ይህ እንዲሆን መልእክቱ መልስ ከሚቀበል ተራ የሞባይል ቁጥር መላክ አለበት፤ በጅምላ የሚልኩ አገልግሎቶች የላኪውን ስም ብቻ አሳይተው መልስ የማይቀበሉበት ጊዜ አለ፣ አስቀድሞ በራስ ስልክ ሞክሮ ማየት ነው።

8 ሰዓት የተመረጠው ጠዋቱ የመጋገሪያና የማድረሻ ሰዓት ስለሆነ ነው። በነገራችን ላይ፣ ጥሪውን ወደ ስልክ ካላንደር የሚያስገባ ካለ 2:00 PM ብሎ መሙላቱን አረጋግጡ፤ 8:00 ተብሎ ከገባ አስታዋሹ ወይ በማለዳ ወይ በምሽት ይጮኻል።

ወፍጮ ቤት የሚለጠፈውና ቴሌግራም ላይ የሚወጣው ሙሉው ጥሪ እንዲህ ሆነ፦

አንድ እንጀራ ስንት ብር ያስወጣዎታል?
ካልኩሌተር ይዘን አብረን እናስላ። የራስዎን ቁጥር ጽፈው ይዘው ይሄዳሉ።
ለማን፦ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል፣ ለሱቅ ወይም ለሰፈር ለሚያቀርቡ
መቼ፦ ቅዳሜ ኅዳር 6፣ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት
የት፦ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ወጣት ማዕከሉ ውስጥ
ይዘው ይምጡ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ጤፍ የገዙበትን ዋጋ፣ የወሩን የመብራት ሂሳብ፣ ባለፈው ሳምንት የሸጡትን እንጀራ ብዛት። ደረሰኝ ከሌለ በቃል ይበቃል።
ቦታው ለ16 ሰው ነው፤ የእያንዳንዷን ስሌት አጠገቧ ተቀምጠን ስለምናይ ከዚያ በላይ አንቀበልም።
ክፍያ የለውም፤ አበልም የለውም። ሻይ አለ።
ያሰሉት ቁጥር የእርስዎ ነው። አንመዘግበውም፤ ንግድ ፈቃድም አንጠይቅም።
እስከ ሐሙስ ማታ በዚህ ቁጥር ይደውሉ ወይም «እንጀራ» ብለው ይላኩ።

ከእነዚህ መስመሮች ሦስቱ ላይ ልቆይ። «ይዘው ይምጡ» የሚለው ለዝግጅት ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው መስመር እንዲታመን የሚያደርገው እሱ ነው። የራስሽን ጤፍ ዋጋ አምጪ የተባለች ሴት፣ የሚሰላው የእሷ እንጀራ እንደሆነ ወዲያው ይገባታል። ነገር ግን ከሦስት ነገር ካለፈ ፈተና ይመስላል፤ «ደረሰኝ ከሌለ በቃል ይበቃል» የሚለውም ካልተጨመረ ጤፉን ከጉልት ወይም ከዘመድ የገዛች ሴት «እኔን አይመለከትም» ብላ ትተወዋለች።

ሁለተኛው የአበሉ ነገር። ስልጠና ሲባል «አበል አለው?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው፣ መልሱን አለመጻፍ ደግሞ ጉዳት አለው፦ አበል ጠብቆ የተመዘገበ ሰው በዋዜማው ጠይቆ ይቀራል፣ ወንበሩንም ከሚፈልገው ሰው ላይ ይዞበት ቆይቷል። «የለውም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ዝርዝሩን ያሳጥረዋል፤ ያጠረው ዝርዝር ግን የሚመጡ ሰዎች ዝርዝር ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ «አንመዘግበውም» የሚለው ነው። ሰው ወጪና ሽያጩን ይዞ እንዲመጣ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣበት ግብር ነው። የምዝገባው ቅጽ ላይ አዘጋጆቹ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ መጠየቂያ አስገብተው ነበር፤ «ለመረጃ» ተብሎ። አወጣናቸው። የቀሩት ሦስት ጥያቄዎች ስም፣ ስልክና «በቀን በግምት ስንት እንጀራ ይሸጣሉ?» ናቸው፤ የመጨረሻዋም የገባችው አሰልጣኟ ተቀራራቢ ሥራ ያላቸውን ጎን ለጎን እንድታስቀምጥ ነው። ቅጹ በጉግል የተሠራ ከሆነ Limit to 1 response የሚለው ጠፍቶ መቆየት አለበት፤ ከበራ ሁሉንም ሰው በጉግል አካውንት ግቡ ይላል፣ የይለፍ ቃሏን የረሳች ሴት እዚያው ትቆማለች። አንድ ሰው ሁለቴ ቢመዘገብ በስልክ ቁጥሩ ይለያል።

ጥሪው መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ከተመዝጋቢው ብዛት ቀድሞ የሚናገረው የሚደወለው ጥያቄ ነው። «ስልጠናው ስለምንድን ነው?» ብለው የሚደውሉ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር አልተነበበም ወይም አልገባም ማለት ነው። «ጤፉን ከሩዝ ጋር ስለምቀላቅል ይሰላልኛል ወይ?» ብላ የምትደውል ሴት ግን በልቧ ማስላት ጀምራለች። እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ከተደጋገመ መልሱን ጥሪው ላይ በአንድ ሐረግ መጨመር ነው፣ ለእያንዳንዷ በስልክ ከመመለስ ይቀላል።

ዓርብ ማታ ለተመዘገቡት የሚላከው አስታዋሽም «ነገ ስልጠና አለ» ብሎ አይበቃውም። ጥያቄውንና ይዘው የሚመጡትን ነገር ይድገም፦ «ነገ 8 ሰዓት የእንጀራዎን ወጪ እናሰላለን። የጤፍ ዋጋ፣ የመብራት ሂሳብና የሽያጭ ብዛት አይርሱ። ካልቻሉ ይንገሩን፣ ለሌላ እንሰጣለን።» የመጨረሻዋ ሐረግ ሳያፍሩ እንዲቀሩ በር ትከፍታለች፤ ተጠባባቂ ካለ ወንበሩ ባዶ አይሆንም።

ስልጠናው አልቆ በሩ ላይ ወረቀታቸው ሲታይ ቁጥሩ ያልወጣላቸው ነበሩ፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ነበር፣ መብራት። ተከራይ የሆነች ሴት ቆጣሪውን ከአከራዩ ጋር ስለምትጋራ የራሷ ሂሳብ የላትም። ለእንዲህ ዓይነቷ ስሌቱ በሌላ መንገድ ይሄዳል፦ ምጣዱ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት በቀን በሚበራበት ሰዓት ተባዝቶ፣ እሱ ደግሞ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዙር «ይዘው ይምጡ» የሚለው መስመር ተቀየረ፦ «የመብራት ሂሳብ፤ ቆጣሪ ከተጋሩ ምጣድዎ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስተው፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ አስታውሰው ይምጡ።»