እሺ ከነአራት ነጥቡ

አንድ መልእክት እየጻፍኩ እያጠፋሁ ነው የዋልኩት። ነገሩ ሌሊት ካደረው ተረኛ ጋር ጠዋት ርክክብ ሳንቀባበል መለያየታችን ነው። የ6 ቁጥር አልጋ የመድኃኒት መዝገብ ላይ የጠዋት ኢንሱሊን ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ፊርማም የለው፣ ሰዓትም የለው።

ባዶ ሳጥን ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ መድኃኒቱ አልተሰጠም፣ ወይ ተሰጥቶ ሳይፈረም ቀርቷል። ስኳር ለክቶ መለየትም አይቻልም። የታዘዘው ኤንፒኤች ኢንሱሊን ቀስ ብሎ የሚነሳ ነው፤ ሥራውን ለመጀመር ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተወግቶ ቢሆን እንኳ 2 ሰዓት ላይ የሚነበበው ቁጥር ምንም አይናገርም። «አልተሰጠም» ብሎ 12 ዩኒት መድገም ደግሞ ከቀትር በኋላ ስኳሩን ቁልቁል ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ሌሊት ያደረው ሰው ቢተኛም ይደወልለታል፤ ካላነሳ ለሐኪሙ ይነገራል እንጂ በግምት አይሰጥም።

በዚያ ጥሪ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የ6 ቁጥር የጠዋት ኢንሱሊን ተሰጥቷል? በስንት ሰዓት?» መልሱ በስልክ የተነገረ መሆኑ ከነሰዓቱ ይጻፋል፤ በእሱ ቦታ ግን አይፈረምም። ስለ ርክክቡ እዚያው ላይ አንድ ቃል ከተጨመረች አለቀ። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው የሚሰማው ጥያቄውን ሳይሆን ድምፁን ነው።

ማሳሰቢያው ሌላ ሰዓት አለው፤ እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ፣ የሚቀጥለው ተራው ሳይደርስ፣ ለእሱ ብቻ። ግሩፕ ላይ «ሁላችንም ርክክብ አንርሳ» ብሎ መለጠፍ ጨዋነት ይመስላል። ነገር ግን ሁሉም ማን እንደተባለ ያውቃል፤ እሱም ሁሉም እንዳወቁ ያውቃል።

የቸገረኝ አማርኛው ነው። ግሳችን ባለቤቱን በጀርባው አዝሎ ይመጣል። «አልፈረምክም» ስንል ያቺ «ክ» የተቀሰረች ጣት ናት። «አልተፈረመም» ካልን ሁለታችንም ሳጥኑን እናያለን። ይሁንና ሁሉንም ነገር በዚህ መልክ መጻፍም አያዋጣም። «ርክክቡ ሳይፈጸም መቅረቱ ታውቋል» የሚል መልእክት ከጓደኛ ሳይሆን ከሰው ሀብት ክፍል የመጣ ነው የሚመስለው። «ለምን» ደግሞ ሰበብ ይፈልጋል፣ ሰበብ ሌላ ሰበብ ይወልዳል። «እንደተለመደው» እና «ሁሌ» የትናንቱን ሁሉ ጎትተው ያመጣሉ። «ግን» ከፊቱ የተባለውን ምስጋና ይደመስሳል።

ከሁሉም የምትከፋው «እርስዎ» ናት። አንተ በተባባሉ ሰዎች መካከል አንድ ቀን «እርስዎ» ከገባች ኩርፊያው ተጀምሯል ማለት ነው፤ ማንም ምንም አላለም፣ አክብሮትም አልጎደለም፣ ለስድስት ወር ግን ሻይ አብሮ አይጠጣም። ለዚህ ማን ክስ ይመሠርታል? «አክብሮ ጠራኝ» ተብሎ?

ስድስት ጊዜ ከጠፋ በኋላ የተረፈው ይኼ ነው፦

«እንቅልፍ ጠገብክ? የ6 ቁጥር ሳጥን ባዶ ስለነበር መሰጠቱን መለየት አቅቶኝ ነው የቀሰቀስኩህ። ማታ ስትገባ የሰጠህበትን ሰዓት አስገብተህ፣ ዘግይቶ የተሞላ መሆኑን ጽፈህ ፈርምበት። ከነገ ጀምሮ አልጋው ጋ ቆመን እንቀባበል፤ ከቸኮልክ ኢንሱሊኖቹን ብቻ ንገረኝ፣ የቀረውን ከመዝገቡ አነበዋለሁ።»

«የ9 ቁጥሩ ሕመምተኛ ይዞህ ይሆናል» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ አወጣሁት። ሰውየው ያላለውን ምክንያት ማዋስ ደግነት ይመስላል እንጂ፣ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ከሆነ መናገሩን ይከለክለዋል። ምናልባት 2 ሰዓት ላይ የሚሄድ መኪና አለው። እሱን ካወቅን ርክክቡን በ15 ደቂቃ ማስቀደም ይቻላል፤ ካላወቅን ነገም ሳጥኑ ባዶ ነው። «ይቅርታ» የምትለዋንም አወጣሁ፤ ሳልበድል ይቅርታ መጠየቄ ራሱ ነገር ይመስላል።

ላክሁት።

መልሱ መጣ፦ «እሺ።»

እንዲህ፣ ከነአራት ነጥቡ። ቴሌግራም ላይ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ ማነው? ተፈልጎ ካልተነካ በቀር አይገኝም እኮ። የድሮ መልእክቶቹን ወደ ላይ እየጎተትኩ አየሁ፤ «እሺ»፣ «እሺ በቃ»፣ «እሺሺሺ»። አንዱም ነጥብ የለው። ወይስ ስልክ ቀይሮ ኪቦርዱ ራሱ እየጨመረለት ይሆን?

አሁን እኔስ ምን ልመልስ? አውራ ጣት?