የንግሥት ኤልሳቤጥ ሳተርን ስንተኛ ቤት ነው? ሆል ሳይንና ፕላሲደስን ጎን ለጎን ሳነብ

ሰሞኑን የከረምኩት የኮከብ ቆጠራ ቤቶች ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ የሕይወት ጉዳይ ይዟል። ፕላኔቶች በየትኛው ኮከብ እንዳሉ ብዙም አያከራክርም። ክርክሩ የሚነሳው ሰማዩን ለ12 ቤት ስናካፍል ነው። አንዱን ቻርት ይዘን አንዳችን «ገንዘብ» ስንል ሌላችን «ማንነት» የምንለው ለዚህ ነው። አንድ ቻርት፣ ማለትም አንድ ሰው ሲወለድ የነበረውን የሰማይ ካርታ፣ በሆል ሳይንም በፕላሲደስም አከፋፈል ቁጭ ብዬ ሠራሁና የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ኮከቦቹን በአውደ ነገሥት በለመድነው ስማቸው እጠራቸዋለሁ።

በሆል ሳይን ሥራው ቀላል ነው። ሰው ሲወለድ በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ነጥብ አሴንዳንት ይባላል። ያ ነጥብ ያለበት ኮከብ ከ0 እስከ 30 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ አንደኛ ቤት ይሆናል። አሴንዳንቱ 1ኛው ዲግሪ ላይ ቢሆን 29ኛው ላይ ለውጥ የለውም። ቀጣዩ ኮከብ ሁለተኛ ቤት ነው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የጥንት ግሪኮች በብዛት የሠሩበት፣ ሕንዶችም እስከ ዛሬ የሚሠሩበት መንገድ ነው።

ፕላሲደስ ስሙን ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው። እዚህ የሚከፋፈለው ጊዜ ነው። አንድ የሰማይ ነጥብ ከአድማስ ተነስቶ አናት ላይ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ ለሦስት ይከፈላል። በዲግሪ ሲታይ ታዲያ አንዱ ቤት ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። ምን ያህል እንደሚሰፋና እንደሚጠብ የሚወስነው በተለይ የትውልድ ቦታው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው።

የመረጥኩት ቻርት የዳግማዊት ኤልሳቤጥ ነው፤ የተወለዱበት ሰዓት በይፋ ስለሚታወቅ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 21 ቀን 1926፣ ለንደን፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40። አሴንዳንቱ ጀዲ 21 ዲግሪ ላይ ነው። የሰማዩ አናት፣ ሚድሄቨን የምንለው፣ አቅራብ 25 ላይ ነው።

ለንደን ከምድር ወገብ 51 ዲግሪ ተኩል ወደ ሰሜን ናት። በፕላሲደስ አንደኛ ቤታቸው ከጀዲ 21 ተነስቶ እስከ ሑት 18 አካባቢ ይዘልቃል፤ ወደ 57 ዲግሪ ማለት ነው። ደለዊን እንዳለ ውጦታል። አሥረኛው ቤት ግን 19 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሦስት እጥፍ ልዩነት ነው። በሆል ሳይን ሁሉም 30፣ 30 ናቸው።

አሁን ፕላኔቶቹን እንይ። ማርስና ጁፒተር ደለዊ ላይ አብረው ናቸው። በፕላሲደስ አንደኛ ቤት ገብተው ስለ ሰውዬዋ ማንነት ይናገራሉ፣ በሆል ሳይን ሁለተኛ ቤት ሆነው ስለ ሀብት። አሰድ ላይ ያለችው ጨረቃ በአንዱ ሰባተኛ ቤት፣ ትዳር፤ በሌላው ስምንተኛ ቤት፣ ሞትና ውርስ። ፀሐይ ሠውር 0 ዲግሪ ላይ ናት። በፕላሲደስ ልክ የሁለተኛና የሦስተኛ ቤት ድንበር ላይ ስለወደቀች የጥቂት ደቂቃ የሰዓት ልዩነት ቤቷን ይቀይረዋል። በሆል ሳይን ግን አምስተኛ ቤት፣ የልጆች ቤት፣ ላይ ያለ ጥርጥር ተቀምጣለች። ሁሉንም ስቆጥር አንድም ፕላኔት በሁለቱ አከፋፈል አንድ ቤት ላይ አልቀረም።

ከሁሉም በላይ ያቆየኝ ሳተርን ነው። አቅራብ 24 ላይ፣ ከሚድሄቨኑ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ርቆ ቆሟል። የፕላሲደስ አንባቢ ወዲያው «አሥረኛ ቤት፣ ዕድሜ ልክ የማይወርድ የሥልጣን ሸክም» ይላል። በቁጥር ከተሄደ ዘጠነኛው መጨረሻ ላይ ነው። ግን ድንበር ሊሻገር 5 ዲግሪ የማይሞላ የቀረውን ፕላኔት ወደ ቀጣዩ ቤት መቁጠር የተለመደ ነው። በሆል ሳይን ሳተርን አሥራ አንደኛ ቤት ነው፤ የወዳጆችና የደጋፊዎች ቤት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሆል ሳይን ዘውዱን አጠፋው» ብሎ ይተወዋል።

ዘውዱ ግን አልጠፋም። በሆል ሳይን ሚድሄቨን የቤት መጀመሪያ አይደለም፤ በነጠላ የሚነበብ ነጥብ ነው። ዘጠነኛ፣ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ቤት ሊወድቅ ይችላል፣ የሥልጣንን ጉዳይም ይዞ ይሄዳል። ሳተርን ከዚያ ነጥብ ጋር ስለተጣበቀ ጉልበቱ አልቀነሰም። ቤቱ የሚነግረን ስለምን ጉዳይ እንደሆነ ነው። ፕላኔቱ ለአድማስና ለሰማዩ አናት ያለው ቅርበት ደግሞ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ ይነግረናል። ፕላሲደስ ሁለቱን ባንድ መስመር ሊመልስ ይሞክራል። ሆል ሳይን ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። እኔ እንደማምንበት ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

የቤት ጌታ የሚባለው ቤቱ የሚጀምርበትን ኮከብ የሚገዛው ፕላኔት ነው፤ እዚያ ላይ ሲደረስ ታሪኩ ጨርሶ ይለያያል። በፕላሲደስ አሥረኛው ቤት የሚጀምረው በአቅራብ ስለሆነ ጌታው ማርስ ነው፤ እሱም አንደኛ ቤት ተቀምጧል። ሥልጣን በራስ ጉልበት ተብሎ ይነበባል። በሆል ሳይን አሥረኛው ሚዛን ነው፣ ጌታዋ ቬነስ። ቬነስ ደግሞ በከፍታዋ በሑት፣ ሦስተኛ ቤት፣ የወንድምና የእህት ቤት ላይ ናት። እዚህ ላይ «አጎቷ በ1936 ዙፋኑን ለወንድሙ ለአባቷ ስለለቀቀ ነው» ማለት ያምራል። ግን ሦስተኛ ቤት የራሷ እህት ወንድም ነው፣ የአባቷ አይደለም። መጨረሻውን እያወቅን ስለምናነብ ሁለቱም አከፋፈል ላይ የሚገጥም ነገር አናጣም።

ስለዚህ ቀን የሚጠይቅ ፈተና ፈለግኩ። በጥንቱ አቆጣጠር በየዓመቱ አንድ ቤት ይዞራል። ከልደት ጀምሮ ያለው ዓመት አንደኛ ቤት ነው፣ 12 እና 24 ዓመት ሲሞላም ተመልሶ አንደኛ። ንግሥቲቱ የነገሡት የካቲት 6 ቀን 1952፣ በ25 ዓመታቸው ነው። ያ ሁለተኛ ቤት ነው። በሆል ሳይን ሁለተኛው ደለዊ ነው፣ የዓመቱ ጌታም ያው ሚድሄቨን ላይ የቆመው ሳተርን። በፕላሲደስ ከሄድን ሁለተኛው ቤት በሑት ስለሚጀምር ጌታው ጁፒተር ይሆናል። ደለዊ አንደኛ ቤት ውስጥ ተውጦ ስለቀረ ተራ እንኳ አይደርሰውም። አንድ ቻርት ማስረጃ አይሆንም፤ ለዚህ ዓይነት ቆጠራ ግን ሆል ሳይንን መርጫለሁ።

የአዲስ አበባ ልጆች ቻርት ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የፕላሲደስ ቤቶች ከ30 ብዙም አይርቁም። ያንኑ ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ ሳሰላው ጠባቡ 27፣ ሰፊው 34 ገደማ ወጣ። እዚህ ልዩነት የሚያመጣው የአሴንዳንቱ ዲግሪ ነው። የኮከቡ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ሁለቱ አከፋፈሎች ይቀራረባሉ። መጨረሻው ላይ ከሆነ አብዛኛው ፕላኔት በሆል ሳይን አንድ ቤት ወደፊት ይሻገራል። ስቶክሆልም ለተወለደ ልጅ ግን ሁለቱም ምክንያት አለ። ከ66 ዲግሪ ተኩል በላይ ደግሞ የማይወጡና የማይጠልቁ ነጥቦች ስላሉ ፕላሲደስ ጭራሽ አይሠራም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብለው የነገሯችሁን ፕሮግራሙ ላይ 8:00 ብላችሁ ካላስገባችሁ ሁሉም ይበላሻል። «ጎህ ሲቀድ ነው» ብቻ ከተባላችሁ ፕላሲደስን ተዉት፤ ድንበሮቹ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ሆል ሳይን ግን የሚወጣው ኮከብ እስካልተቀየረ ድረስ ቤቶቹ ባሉበት ይቆያሉ።

አሁን አንድ ቻርት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የአሴንዳንቱን ዲግሪ አያለሁ። ከዚያ በሁለቱም አከፋፈል ቤታቸውን ያልቀየሩትን ፕላኔቶች ለይቼ እነሱን በቅድሚያ አነባለሁ። የተሻገሩትን ጉዳያቸውን ከሆል ሳይን፣ ጉልበታቸውን ለአሴንዳንትና ለሚድሄቨን ካላቸው ቅርበት እወስዳለሁ። ቀጥዬ ይህንኑ አሴንዳንታቸው ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ የአዲስ አበባ ቻርቶች ላይ እሞክረዋለሁ።