የዒድ ዕቃ መልእክት

ዛሬ ደሴ ውስጥ በአንድ የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ የሱቅ መልእክት «ስንት ነው?» በሚል ጥያቄ ተጥለቀለቀ። ዋጋ አልተጻፈበትማ! እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ የጎረቤቱን ሁሉ ስልክ ያስጮሃል። ባለሱቆች፣ እባካችሁ መጠኑንና ዋጋውን አብራችሁ ጻፉ፦

«ዒድ ሙባረክ! ዘይት 5 ሊትር ይህን ያህል ብር፣ ቴምር ግማሽ ኪሎ ይህን ያህል። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነን። ለማዘዝ በውስጥ መስመር።»

ይኸው ይበቃል። የመላኪያውን ቀስት ተጭናችሁ ስትቆዩ Send Without Sound ይመጣል፤ በዚያ ከላካችሁት ድምፅ ሳያሰማ ይደርሳል። ዘይቱ ሲያልቅ አዲስ አትላኩ፤ የቀደመውን Edit ብላችሁ «አልቋል» በሉበት፣ እርማት ስልክ አያስጮህም። ግሩፕ ላይ ማረም የሚቻለው ግን እስከ 48 ሰዓት ስለሆነ፣ ከበዓሉ ሳምንት ቀድማችሁ አትላኩት።