60 ስላይድ ወደ አንድ ገጽ

ዛሬ የአንድ የጎንደር ሆቴል የቦርድ ስላይድ ለዳይሬክተሩ ሲጠቃለል ዋለ። ንባቡ ከኋላ ቢጀመር ይሻላል፤ ስጋት የሚደበቀው ከገንዘብ ፍሰት ሰንጠረዡ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል ነው። የዛሬውም እዚያው ተገኘ፦ የብድር ክፍያው ታኅሣሥ 30 ይደርሳል፣ የጥምቀት ገቢ ግን የሚገባው ከጥር 11 በኋላ ነው። ስላይዱ «መጠነኛ የጊዜ ክፍተት» ብሎ አልፎታል። መቼም ሪፖርት አቅራቢ ለስላሳ ቃል አያጣም! በማጠቃለያው የመጀመሪያ መስመር ግን እንዲህ ተጻፈ፦ «ታኅሣሥ 30 ለብድር ክፍያ 2 ሚሊዮን ብር ይጎድለናል፤ ባንኩ ቀኑን እንዲያራዝም የሚጠይቀው ደብዳቤ እስከ ኅዳር 15 ይፈረም።» ዳይሬክተሩ ቢጠየቁ ገልጠው እንዲያሳዩ የስላይዱ ቁጥር ከጎኑ ይቀመጣል። የጉድለቱ መጠን በሁለት ስላይድ ከተለያየ ፋይናንስ ይጠየቅ እንጂ አማካዩ አይወሰድም። ስኬቱ ከታች፣ በሁለት መስመር ይበቃዋል።