የእጅ ስሌቴና ስፓይስ ያልተስማሙበት ማታ

ለማይክሮፎን የሚሆን ባለ አንድ ትራንዚስተር ማጉያ ለመሥራት ካሰብኩ ሳምንት አልፎኛል። ዛሬ ማታ ብየዳ ከመጀመሬ በፊት በደብተሬ ያሰላሁትን ስፓይስ ከተባለው የሰርኪዩት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ጋር ለማመሳከር ተቀመጥኩ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ይሆናል ያልኩት ነገር ሌሊቱን ወሰደብኝ፤ ያገኘሁትን ሳልረሳው እዚህ ላሰፍረው ወደድኩ።

ሰርኪዩቱ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ምንጩ 12 ቮልት ነው፤ ቤዙ ከላይ በ47 ኪሎ ኦም፣ ከታች በ10 ኪሎ ኦም ተይዟል፤ ኮሌክተሩ ላይ 4.7 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተሩ ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ፤ ከኤሚተሩ ሬዚስተር ጎን ደግሞ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ይወርዳል። በእጅ ያሰላሁት እንደተለመደው ነበር። ሁለቱ ሬዚስተሮች ቤዙን 2.105 ቮልት ላይ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ላይ 0.7 ቮልት ሲቀነስ ኤሚተሩ 1.405 ቮልት፣ ከረንቱም 1.405 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ኮሌክተሩም 5.40 ቮልት አካባቢ ይቆማል። 26 ሚሊ ቮልትን ለዚህ ከረንት ሳካፍለው የኤሚተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 18.5 ኦም ሆነ፤ 4700ን ለ18.5 ሳካፍል ጌይኑ 254 ሆኖ ተገኘ።

ለ`ngspice` የጻፍኩት ኔትሊስት የሚከተለው ነው። የትራንዚስተሩን ሞዴል ሆን ብዬ በሦስት ቁጥሮች ብቻ ወሰንኩት፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ሞዴል ሃያና ሠላሳ ቁጥሮች ስለሚይዝ ልዩነት ሲፈጠር የትኛው ቁጥር እንዳመጣው ለመለየት ያስቸግራል።

```
* mic preamp
V1 vcc 0 12
Vs in 0 DC 0 AC 1 SIN(0 10m 1k)
C1 in b 10u
R1 vcc b 47k
R2 b 0 10k
Rc vcc c 4.7k
Re e 0 1k
Ce e 0 10u
Q1 c b e QX
.model QX NPN(IS=1e-14 BF=300 VAF=100)
.op
.ac dec 20 10 1meg
.end
```

የዲሲ ቮልቴጆችንና ከረንቶችን የሚያሰላው የ`.op` ውጤት ሲወጣ ደስ አለኝ። የኤሚተሩ ከረንት 1.405 ሚሊ አምፔር፣ ኮሌክተሩ 5.42 ቮልት፤ ከደብተሬ ጋር እስከ ሦስተኛው አኃዝ ድረስ ገጠመ። ጌይኑን በየድግግሞሹ በሚያሰላው በ`.ac` ግን ጌይኑ በ1 ኪሎ ኸርዝ 184 ብቻ ሆነ። በ254ና በ184 መካከል ያለው ልዩነት በማጠጋጋት የሚመጣ አይደለም፤ ከሩብ በላይ ነው።

እንዲህ ሲሆን የምከተለው አንድ መንገድ አለ። የእጅ ስሌቴን ከማስተካከሌ በፊት ሲሙሌሽኑን ወደ ስሌቴ ግምቶች አወርደዋለሁ፤ ማለትም በእጅ ሳሰላ የሌለ ያደረግሁትን ነገር አንድ በአንድ ከኔትሊስቱም አወጣለሁ፤ ቁጥሩ የሚዘልበት ቦታ ምክንያቱን ይነግረኛል። ስለዚህ በመጀመሪያ የኤሚተሩን ካፓሲተር 1000 ማይክሮ ፋራድ አደረግሁት፤ ጌይኑ ከ184 ወደ 239 ወጣ። ቀጥዬ ከሞዴሉ ላይ `VAF=100` የሚለውን ሰረዝኩ፤ ጌይኑ 254 ሆነ፤ እጄ ያወጣው ቁጥር ራሱ። ልዩነቱ እንግዲህ ሁለት ምክንያት ብቻ እንዳለው፣ ትልቁም ድርሻ የካፓሲተሩ እንደሆነ አወቅሁ።

የትንሹን በአጭሩ ልጻፈው። `VAF` የኧርሊ ቮልቴጅ ነው፤ ጄምስ ኧርሊ እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ሲጨምር ቤዙ ከውስጥ እየጠበበ ከረንቱ በጥቂቱ ያድጋል። ይህም ከኮሌክተሩ ወደ ኤሚተሩ የተዘረጋ ሬዚስተር እንዳለ ያህል ይቆጠራል፤ በዚህ ሰርኪዩት መጠኑ 74 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ከ4.7 ኪሎ ኦም ጋር ጎን ለጎን ሲሰላ 4.42 ኪሎ ኦም ስለሚሰጥ ጌይኑ በስድስት በመቶ ያህል ይቀንሳል። በመማሪያ መጻሕፍት ይህን መተው የተለመደ ነው፤ የኮሌክተሩ ሬዚስተር ትንሽ እስከሆነ ድረስም መተዉ አይጎዳም።

የካፓሲተሩ ስህተት ግን የእኔ የአስተሳሰብ ስህተት ነበር። በደብተሬ ጠርዝ ላይ «10 ማይክሮ ፋራድ በ1 ኪሎ ኸርዝ 15.9 ኦም ነው፤ ከ1000 ኦም አንጻር ምንም ማለት አይደለም» ብዬ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን ካፓሲተሩን ከማይመለከተው ሬዚስተር ጋር ያወዳድራል። ካፓሲተሩ ከተያያዘበት ነጥብ ላይ ቆመን ወደ ሰርኪዩቱ ስንመለከት ወደ ታች ያለው 1000 ኦም ነው፤ ወደ ላይ ግን በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለው 18.5 ኦም ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ ትንሹ ይገዛል። 15.9 ደግሞ ከ18.5 አንጻር ሲታይ ቸል የሚባል አይደለም፤ አቻው ሊባል የተቃረበ ነው። ካፓሲተሩን ከ1000 ኦም ጋር ብቻ ብናሰላው ከ16 ኸርዝ በላይ ሥራውን የሚሠራ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ጌይኑ ሙሉ መሆን የሚጀምረው ከ830 ኸርዝ አካባቢ ወዲያ ነው። ለማይክሮፎን ማጉያ ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ የሰው ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚያ በታች ይገኛል።

ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ 184ን በእጄ ለማግኘት ሞከርኩ። የኧርሊን ውጤት ለማካተት 18.5ን በስድስት በመቶ ያህል አሳድጌ 19.6 ኦም አደረግሁት። በዚህ ላይ 15.9ን በቀጥታ መደመር ስህተት ነው፤ የካፓሲተሩ ሪአክታንስ ከሬዚስተሩ ጋር በ90 ዲግሪ ስለሚለያይ እንደ ቀጥተኛ ማዕዘን ሁለት ጎኖች ነው የሚደመሩት፤ ውጤቱም 25.24 ኦም ይሆናል። 4700 ለ25.24 ሲካፈል 186 ይሰጣል። የቀረችው የሁለት ልዩነት ደግሞ ሳልቆጥረው ከተውኩት ከ1000 ኦሙ ሬዚስተርና ከቤዙ ከረንት የመጣች ናት። ከዚህ በላይ መሄድ አላስፈለገኝም።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ነገር ግን ያ እስከ ሦስተኛ አኃዝ የገጠመው የዲሲ ውጤት አላስተኛ አለኝ። በእጅ ሳሰላ የቤዙን ከረንት ጨርሶ ትቼዋለሁ፤ 0.7 ቮልትም በግምት የተወሰደ ቁጥር ነው። ሁለት ግምት ያለበት ስሌት እንዲህ በትክክል ሊገጥም አይገባውም ነበር። የ`.op`ን ዝርዝር መለስ ብዬ ሳነብ ምስጢሩ ተገለጠ፦ ስፓይስ በቤዝና በኤሚተር መካከል ያገኘው ቮልቴጅ 0.663 ነው፤ ከእኔ ግምት በ37 ሚሊ ቮልት ያንሳል። የቤዙ ከረንት ደግሞ 4.5 ማይክሮ አምፔር ሆኖ፣ ሁለቱ የቤዝ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን በሚሰጡት 8.25 ኪሎ ኦም ውስጥ ሲያልፍ የቤዙን ቮልቴጅ በ37 ሚሊ ቮልት ያወርደዋል። ሁለቱ ስህተቶቼ እኩል ነበሩ፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ስለሄዱ ተጣፉ። ስሌቴ ትክክል ስለነበረ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው የገጠመው።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ አንዱን ስህተት ብቻ መለወጥ ነው። `BF` የትራንዚስተሩ ቤታ፣ ማለትም የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙ ከረንት ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ `BF=300` የሚለውን `BF=70` አድርጌ እንደገና አስኬድኩት። 70 ከሜዳ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ ልጠቀምበት ያሰብኩት 2N3904 በ1 ሚሊ አምፔር ሊኖረው የሚችለው ዝቅተኛ ቤታ ብሎ የመረጃ ወረቀቱ የሚሰጠው ነው። የኤሚተሩ ከረንት ወደ 1.30 ሚሊ አምፔር ወረደ፣ ኮሌክተሩም 5.97 ቮልት ሆነ፤ የእኔ የእጅ ስሌት ግን ቤታ የሚባል ነገር በውስጡ ስለሌለ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ሞዴል ውስጥ የተጻፈው ቤታ የአንድ ትራንዚስተር ቁጥር ነው፤ ከሣጥኑ ውስጥ የማወጣው ትራንዚስተር ግን ያንን ቁጥር የመያዝ ግዴታ የለበትም።

የመጨረሻው ልዩነት ሌላ ቦታ ተነሣ። ካፓሲተሩን ወደ 220 ማይክሮ ፋራድ ከቀየርኩ በኋላ ጌይኑን ሞገዱን በጊዜ ሂደት በሚያሳየው በ`.tran` ጭምር ለማየት ፈለግሁ፤ በዚህ ጊዜ የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ለማስመሰል ኮሌክተሩ ላይ `Rp c 0 1M` ብዬ ጨመርኩ። ኮሌክተሩ ወደ ጥቂት ማይክሮ ቮልት ወረደ፤ ሲግናሉም ጠፋ። በስፓይስ ትልቁና ትንሹ ፊደል ልዩነት የለውም፤ `1M` ማለት አንድ ሚሊ ኦም ነው፤ ሜጋ ለማለት `1meg` መጻፍ ግድ ነው። ይህን ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ግን አሥር ደቂቃ አባክኖብኛል።

እርሱ ሲስተካከል ደግሞ ሞገዱ ያልተመጣጠነ ሆኖ ታየ። በ10 ሚሊ ቮልት ግቤት ኮሌክተሩ ወደ ታች 2.6 ቮልት ያህል፣ ወደ ላይ ግን 2.1 ያህል ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ የትኛውን ጫፍ ለ10 ሚሊ ቮልት እንዳካፈልኩት ጌይኑ 260ም 210ም ሊባል ይችላል። `.ac` ግን ይህን በፍጹም አያይም፤ ሰርኪዩቱን በቆመበት ነጥብ ላይ ቀጥተኛ መስመር አድርጎ ስለሚወስደው የ1 ቮልት ግቤት ስሰጠው ከ12 ቮልት ምንጭ ላይ ከ230 ቮልት በላይ ውጤት ያለ ቅሬታ ያሳየኛል። የእጅ ስሌቴም ያው ግምት ስላለበት ሁለቱ ሊስማሙ የሚገባቸው ለትንሽ ሲግናል ብቻ ነው። የሁለተኛው ሃርሞኒክ ድርሻ የግቤቱ ከፍታ ለ26 ሚሊ ቮልት አራት እጥፍ ሲካፈል ነው፤ በ10 ሚሊ ቮልት አሥር በመቶ አካባቢ፣ በ1 ሚሊ ቮልት አንድ በመቶ ይሆናል። ግቤቱን 1 ሚሊ ቮልት ሳደርገው ሁለቱ ጫፎች ተቀራረቡ፣ ጌይኑም ወደ 239 ተመለሰ።

አሁን በደብተሬ ላይ የድሮውን 254 ሳልሰርዝ ከጎኑ «ካፓሲተሩ ሾርት፣ ኧርሊ የለም፣ ትንሽ ሲግናል» ብዬ ጽፌያለሁ። ነገ ቦርዱን በይጄ ስጨርስ ሲግናል ከማስገባቴ በፊት በመልቲሜትር ኮሌክተሩን እለካለሁ፤ ከ5.4 እስከ 6.0 ቮልት ባለው ውስጥ ከተገኘ የቤታ ልዩነት ብቻ ያስረዳዋል፤ ከዚያ በጥቂቱ ከወጣ አምስት በመቶ ሊሳሳቱ የሚችሉትን አራቱን ሬዚስተሮች አንድ በአንድ እለካለሁ።